ጠፍቶ ስለቀረ ሰው የፍርድ ቤት ውሳኔ፤ ጥያቄ ያላችሁ ዛሬ ማታ ጠይቁ

ጋሽ ታዬ (ጠበቃ)፦ እንደምን አመሻችሁ። በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ እየደጋገመ ስለሚመጣ እዚሁ በአንዴ እንጨርሰው። ባል፣ ሚስት፣ ወንድም ወጥቶ ወሬው ከጠፋ ንብረቱና ትዳሩ ምን ይሆናል የሚለውን ጠይቁኝ። ስለ ቪዛ አትጠይቁኝ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ባለቤቴ በመተማ አድርጎ ሊቢያ ገባ። መጨረሻ የደወለው ጥር 2009 ነው፣ ነገ ባሕር እንገባለን ብሎ። ከዛ ወዲህ ምንም የለም። ኮንዶሚኒየሙ በሱ ስም ነው። ምን ላድርግ?

ጋሽ ታዬ፦ እግዜር ያጽናሽ እህቴ። ያንቺ ጉዳይ ለሁሉም ስለሚሆን ዘርዘር ላድርገው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 154 አንድ ሰው ጠፍቶ ሁለት ዓመት ወሬው ካልተሰማ ጥቅም ያለው ሰው ሁሉ የመጥፋት ውሳኔ እንዲሰጥ ማመልከት ይችላል ይላል። ማመልከቻው የሚገባው እሱ መጨረሻ ይኖርበት የነበረው ቦታ ፍርድ ቤት ነው፣ አንቺ አሁን የተከራየሽበት አይደለም፣ በዚህ ብቻ ስንቱ መዝገብ ተመልሷል።

ግን ሁለት ዓመት ሞላ ማለት ውሳኔው በእጅሽ ገባ ማለት አይደለም፣ ይሄን ልብ በይ። ዳኛው የሚያየው ዝምታው ለምን እንደሆነ ነው። ሰውየው እስር ቤት ሆኖ ይሆን? ያለበት አገር ስልክ ተቋርጦ ይሆን? ወይስ ከቤተሰቡ ተጣልቶ ሆን ብሎ ዝም ብሎ ይሆን? መሞቱ ያመዝናል ብሎ ሲያምን ነው የሚወስነው። ስለዚህ ያንቺ ዋና ማስረጃ ዓመቱ ሳይሆን ያ የመጨረሻው ስልክ ነው። ከየት ደወለ፣ በማን ስልክ፣ ምን አለ፣ አብሮት ማን ነበር? አብሮት ከተሳፈሩት በሕይወት የተረፈ ሰው ጣሊያንም ሆነ ሌላ ቦታ ካለ ፈልጊው። እዛው ኤምባሲያችን ሄዶ ቃሉን በጽሑፍ ይስጥ፣ ወረቀቱ እዚህ ሲመጣ ውጭ ጉዳይ ይረጋገጣል። ጀልባው ሲሰጥም በዓይኑ ያየ ሰው ካለማ ዳኛው የመጥፋት ሳይሆን የሞት ውሳኔ ሊሰጥም ይችላል፣ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

ቀይ መስቀል ሄደሽ የማፈላለጊያ ቅጽ ሙይ፣ አላገኘነውም የሚል መልስ ከሰጡሽ እሱም ይያያዛል። የጋብቻ ማስረጃ፣ የልጆቹ የልደት ሰርተፊኬት፣ የወረዳ ደብዳቤ፣ ሁለት ሦስት ምስክር። ከዛ ፍርድ ቤቱ በጋዜጣ ጥሪ እንዲወጣ ያዛል፣ የምትከፍይው አንቺ ነሽ። ጥሪው ላይ ስሙ እስከ አያት ድረስ መታወቂያው ላይ እንዳለው ይሁን። አንድ ፊደል ቢሳሳት በኋላ ስም ማዛወሪያ ላይ ያስቸግርሻል።

ዳላስ፦ እኔ የማውቀው 7 ዓመት ነው ጋሼ፣ እዚህ 7 ዓመት ካልሞላ ሞተ አይባልም፣ ሰዉን አታሳስቱ

ጋሽ ታዬ፦ ወንድሜ፣ የምታወራው ስላንተ ስቴት ነው። ብዙዎቹ ጋ 7 ነው፣ ኒውዮርክ 3 ነው። እህታችን የምትከሰው ዳላስ አይደለም፣ አዲስ አበባ ነው።

ዳላስ፦ እሺ ግን አንድ ሰው ኢትዮጵያም ውስጥ 7 ጠብቁ ተባለ

ጋሽ ታዬ፦ ማን ነው ያለው? ዳኛው? ወይስ በር ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ?

ቢኒ፦ ወረዳ ሄጄ በምስክር የሞት ሰርተፊኬት ላውጣ እንዴ? አንድ ሰው በቀላሉ ይጨርስልሃል ብሎኛል

ጋሽ ታዬ፦ እንዳታደርገው። እንዳታደርገው። ሞተ፣ እዚህ ቦታ ቀበርነው ብሎ የሚመሰክር ሰው ካላየው ሐሰተኛ ምስክር ነው፣ አንተም አብረህ ትጠየቃለህ። ከሁሉ የሚብሰው ግን በኋላ የሚመጣው ነው። በዛ ሰርተፊኬት ወራሽነት ታወጣለህ፣ ቤት ትሸጣለህ፣ ከዛ አንድ የተጣላህ ዘመድ ይነሳና ሰርተፊኬቱ ይሰረዝልኝ ይላል። ሰርተፊኬቱ ሲወድቅ ከላዩ የተሠራው ሁሉ አብሮ ይናጋል፣ ገዢው አንተን ይከሳል። ስለማታውቀው ሞት አትማል። ጠፍቷል በል፣ ሕጉ ለዚሁ ነው የተጻፈው።

ሰብለ፦ እኔ ንብረት የለኝም፣ ትዳር ብቻ ነው ማፍረስ የምፈልገው። ይሄ ሁሉ ያስፈልገኛል?

ጋሽ ታዬ፦ ጥሩ ጥያቄ፣ ይሄን ማንም አይጠይቅም። የመጥፋት ውሳኔ ጋብቻን ያፈርሳል፣ የቤተሰብ ሕጉ ቁጥር 75 ሞትን ከሱ ጋር አንድ ላይ ነው ያስቀመጠው። ግን ትዳሩ ብቻ ከሆነ ፍቺ መጠየቅም ትችያለሽ፣ ለፍቺ ሁለት ዓመት መጠበቅ የለም፣ ባልሽ አድራሻው ስለማይታወቅ መጥሪያው በጋዜጣ ይወጣል፣ ካልቀረበ በሌለበት ይታያል። ልዩነቱ ምንድነው፣ ፍቺ የጋራ ንብረትን ያካፍላል እንጂ የሱን ድርሻ ለልጆቹ አያወርስም። ስለዚህ ቤት ላላት የመጀመሪያዋ እህታችን መጥፋቱ ይሻላል፣ ላንቺ ፍቺው ይበቃሻል።

ሌላ ማግባት ስታስቢ ደግሞ ቁጥር 16ን አትርሺ። ጋብቻው ከፈረሰ 180 ቀን ሳይሞላ ሴት አታገባም። ባልየው ከጠፋ ስንት ዓመቱ፣ ምን ይጠበቃል ትያለሽ፣ እኔም እላለሁ፣ ግን የክብር መዝገብ ሹሙ ይጠይቃል። እርጉዝ አለመሆንሽን የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ ካቀረብሽ መጠበቁ ይቀራል። ውሳኔ ሳይኖርሽ ማግባት ግን በጋብቻ ላይ ጋብቻ ነው፣ በወንጀል ያስጠይቃል።

ዲያቆን፦ በቁርባን ከሆነ ግን የፍርድ ቤት ወረቀት ምን ሊሠራ ነው? ቤተ ክርስቲያን ሳትፈታ...

ሮቤል፦ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ወረቀት አምጪ ነው የምትለው። እህቴን አባታችን መጀመሪያ ፍርድ ቤት ሂጂ ነው ያሏት

ዲያቆን፦ የናንተ ደብር ይሆናል። በቁርባን የተጋባ ሰው እንዲህ በቀላሉ...

ፋጡማ፦ እኛ ጋ ደግሞ አራት ዓመት ትጠብቃለች የሚል አለ፣ ቃዲ ጋ ነው የሚኬደው

ጋሽ ታዬ፦ ይሄን ለአባቶችና ለቃዲዎች ተዉት። እኔ የምናገረው ስለ መንግሥት ወረቀት ነው። ዲያቆን፣ ክርክሩን በውስጥ ጨርሱት።

የሁለት ልጆች እናት፦ ጋሼ ውሳኔው ከወጣ በኋላ ቤቱ በቀጥታ በስሜ ይሆናል?

ጋሽ ታዬ፦ አይሆንም። ሚስት የባሏ ሕጋዊ ወራሽ አይደለችም፣ ኑዛዜ ካልተወላት በቀር። ይሄን ስናገር ሁሌ የሚቆጣኝ አለ፣ ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም። ግን ቤቱ በትዳር ውስጥ የመጣ ከሆነ በሱ ስም ቢሆንም የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። ግማሹ ያንቺ ነው፣ ሌላው ግማሽ ነው ውርስ የሚሆነው፣ እሱም ለሁለቱ ልጆች እኩል። አንቺ ግማሽ፣ ልጆቹ እያንዳንዳቸው ሩብ። አማትሽ በሕይወት ካሉ ልጄን እወርሳለሁ ሊሉ ይችላሉ፣ ልጆች እያሉ እሳቸው አይወርሱም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ያዢ። መጀመሪያ የመጥፋት ውሳኔ። የይግባኝ ጊዜው አልፎ ውሳኔው የመጨረሻ ይሁን። ከዛ ለልጆቹ የወራሽነት ማረጋገጫ፣ አቅመ አዳም ካልደረሱ አንቺ በሞግዚትነት ታመለክቻለሽ። ከዛ ነው ቤቶች አስተዳደር የምትሄጂው። ልሽጥ ካልሽ ደግሞ የልጆቹን ድርሻ ለመሸጥ የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ብሩም ለነሱ መዋሉን ትጠየቂያለሽ። ብዙ እናቶች እዚህ ጋ ነው የሚናደዱት።

እስከዛ እሱ ሲሄድ የሰጠሽ ውክልና ካለ ይዘሽ እንዳትሸጪ። የመጥፋት ውሳኔ ሲሰጥ ውክልናው አብሮ ይቀራል። አንድ እጅ ጠፍቷል ብሎ እያመለከተ ሌላው እጅ በሱ ውክልና ሲፈርም ፋይሉ ላይ ምን እንደሚመስል አስቢው።

ኤልሳ፦ አጎታችን ጠፍቷል ምን ይሻላል?

ጋሽ ታዬ፦ ከየት ጠፋ? መቼ? ሚስት አለው? ልጅ አለው? ንብረት አለው? እንዲህ ካልጻፍሽልኝ ምን ልበልሽ።

ኤልሳ፦ ከቤት ነው የወጣው፣ ስምንት ወር ሆነው። አንድ ሚኒባስ አለችው፣ ሹፌሩ ገንዘቡን ለማን እንደሚሰጥ ግራ ገብቶታል

ጋሽ ታዬ፦ እንዲህ ነዋ። ለመጥፋት ገና ነው፣ ግን ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። መጀመሪያ ፖሊስ ጋ አመልክቱ፣ ያ ቀን በኋላ መነሻ ይሆናችኋል። ለሚኒባሷ ደግሞ በቦታው የሌለን ሰው ንብረት የሚያስተዳድር ሰው ፍርድ ቤት እንዲሾም ዘመድ ወይም የትዳር ጓደኛ ማመልከት ይችላል፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2253 ነው። ይህ ሰው ገቢውን ይሰበስባል፣ ቦሎውን ይከፍላል፣ መኪናዋን ያሠራል እንጂ አይሸጥም። ሒሳቡን በወረቀት ይያዝ።

አበራ፦ የኛም ቤት በደርግ ጊዜ ተወርሷል፣ አባታችን ደግሞ በዛው ጊዜ ነው የጠፋው፣ በዚህ በኩል ማስመለስ ይቻላል?

ጋሽ ታዬ፦ ያንተ ሁለት ጉዳይ ነው። መንግሥት የወረሰው ቤት በዚህ አይመለስም። የአባትህን መጥፋት ማስወሰን ግን ትችላለህ።

ሮቤል፦ ውሳኔ ከወጣ በኋላ ሰውየው ቢመለስስ? አይነሳም ብላችሁ ነው እንዴ የምታወሩት? እኛ ሰፈር ከአስር ዓመት በኋላ ከሳውዲ እስር ቤት የተመለሰ አለ

ጋሽ ታዬ፦ ይመለሳል፣ ለዛ ነው ሞት አትበሉ የምለው። ንብረቱ ያለውን ባለበት ሁኔታ ይረከባል፣ በቅን ልቦና ወጪ የሆነው ግን ይቀርበታል።

ሮቤል፦ ሚስቱስ?

ትዕግስት፦ አዲሱ ባል ይወጣ ነዋ

ሮቤል፦ ለምን ይወጣል፣ በፍርድ ቤት የፈረሰ ትዳር እኮ ነው

ጋሽ ታዬ፦ ይሄ በጠበቆችም መካከል የሚያከራክር ነው፣ በአንድ መስመር አልመልሰውም። የገጠመው ሰው ካለ ፋይሉን ይዞ ይምጣ።

ስለ ማስረጃ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ መዝገብ የሚበላው ነውና። አንድ ቤተሰብ አራት ዓመት ወሬው አልተሰማም ብሎ አመለከተ። ተቃዋሚ ሆኖ የገባው ወንድምየው የጠፊውን ፌስቡክ ከፍቶ አሳየ፣ ካመለከቱበት ዓመት ፋሲካ ላይ እንኳን አደረሳችሁ የሚል ተለጥፏል። ዳኛው መዝገቡን ዘጋው። ለካ የጠፊው ታናሽ ወንድም በድሮው ስልክ አካውንቱን እየተጠቀመበት ነበር፣ ያንን ለማስረዳት እንደገና ከዜሮ ጀመሩ። ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ስልኩ፣ ቴሌግራሙ፣ የባንክ ሒሳቡ በማን እጅ እንዳለ እወቁ፣ የሚያንቀሳቅሰው ዘመድ ካለ በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፉት።

ማሂ፦ ጋሼ ስንት ዓመት ነው መጠበቅ ያለብን?

ጋሽ ታዬ፦ ከላይ አንብቢ።

ማሂ፦ አላየሁትም ይቅርታ፣ ወንድሜ ጦርነቱ ላይ ነበር፣ ከ2013 ወዲህ የለም

ጋሽ ታዬ፦ ሁለት ዓመት። ወታደር ከነበረ ከመከላከያ ደብዳቤ ጠይቂ፣ ማን ጋር እንደነበረ የሚያውቅ የክፍሉ ሰው ካለ ምስክር አድርጊው። ስልክ ተቋርጦ የነበረበትን ጊዜም ራስሽ ቀድመሽ ጻፊ፣ ዳኛው ይጠይቅሻልና። እስቲ መጨረሻ የሰማችሁት ምን ነበር?

ማሂ፦ በድምፅ መልእክት ነው። ለእናቴ። ስልኩ ተበላሽቶ አጠፋነው

ጋሽ ታዬ፦ ስልኩን አትጣሉት። የሚጠግን ሰው ጋ ውሰዱት፣ ነገ።