ጫቱን ሳቆም ዱካክ የባሰብኝ ለምንድነው?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። 23 ዓመቴ ነው። ለኤግዚት ኤግዛም ስዘጋጅ ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ እየቃምኩ ነበር የማጠናው። ፈተናው አልቆ ጫቱን ካቆምኩ ዛሬ ስድስተኛ ቀኔ ነው፣ ከነዚህ አራቱን ሌሊት ዱካክ ተጭኖኛል። አይኔ ተገልጦ ክፍሉን እያየሁ እጄን ማንቀሳቀስ አልችልም፣ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ይቀመጥና ትንፋሼን ይይዘዋል፣ ልጮህ ስል ድምፅ የለም። ጓደኞቼ ትንሽ ቃምበት ይለቅሃል ይሉኛል፣ እናቴ ደግሞ ጸበል ግባ ትላለች። ልሞት እችላለሁ እንዴ? ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወንድሜ አትሞትም። ዱካክ ሲይዝህ ትንፋሽህ አይቆምም፣ ልብህም በጣም ይመታል እንጂ አይቆምም፣ ከሰከንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ራሱ ይለቅሃል። እኔም ኢንተርን እያለሁ ከረጅም ዲዩቲ በኋላ በጀርባዬ ተጋድሜ ይዞኝ ያውቃል፣ የክፍሉ በር ሲከፈትና ሰው በእርጋታ እየተራመደ አልጋዬ ጋ ሲደርስ ሰምቻለሁ፣ በሩ ግን ከውስጥ እንደተቆለፈ ነበር። ስለዚህ የምትለው ስሜት ምን ያህል እውነት እንደሚመስል ይገባኛል።

እንግዲህ ሰው ሲተኛ በየ90 ደቂቃው ገደማ አንጎሉ ህልም ወደሚበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ይገባል፣ እኛ ሬም እንለዋለን። እዛ ውስጥ አንጎልህ የነቃ ሰው አንጎል ያህል ነው የሚሠራው፣ ትሮጣለህ፣ ትጣላለህ፣ ከገደል ትወድቃለህ፣ ያን ሁሉ እጅና እግርህ እሺ ብለው ቢታዘዙ ኖሮ ግድግዳ ስትመታ ነበር የምታድረው። ይሄ እንዳይሆን ከአንጎል ሥር ያለው ክፍል ጡንቻ የሚያዙትን ነርቮች ዝም ያሰኛቸዋል፣ በደንብ መሥራት የሚቀጥሉት አይን የሚያንቀሳቅሱት ጡንቻዎችና ዲያፍራም የምንለው ከሳንባ ስር ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ናቸው። ይሄ በየሌሊቱ በሁላችንም ላይ ይሆናል፣ ተኝተን ስለሆነ ነው የማናውቀው። ዱካክ ማለት አንተ ቀድመህ ነቅተህ የጡንቻዎችህ ዝምታ ገና ሳይነሳ ሲቀር ነው።

ደረትህ ላይ የሚቀመጠው ነገር ደሞ ከዚሁ ነው የሚመጣው። በረጅሙ ለመተንፈስ የጎድን አጥንት መሃል ያሉት ጡንቻዎች ደረትን ማስፋት አለባቸው፣ እነሱ ግን ዝም ካሉት ውስጥ ናቸው። አንተ ደንግጠህ በረጅሙ ልሳብ ትላለህ ደረትህ አይሰማህም፣ ዲያፍራም ግን በራሱ ትንንሽ ትንፋሽ መውሰዱን አላቋረጠም። አንጎል ትእዛዝ ልኮ ደረት እምቢ ሲለው የሚረዳው አንድ ነገር ነው፣ የሆነ ከባድ ነገር ተጭኖኛል ማለት ነው። በጀርባህ ከተኛህ ደግሞ ምላስና ጉሮሮ ወደኋላ ስለሚላሉ የአየር መንገዱ ይጠብና ጭነቱ ይብሳል።

ፍርሃቱ የሚገርመው ብዙ ጊዜ ከምታየው ነገር በፊት መምጣቱ ነው። ፍርሃትን የሚያነሳው አሚግዳላ የሚባለው የአንጎል ክፍል በሬም ጊዜ በጣም ንቁ ነው፣ እና ስትነቃ ፍርሃቱ ተለኩሶ ይጠብቅሃል፣ አንጎልህ ምክንያት ሲፈልግ የህልሙ ትርፍራፊ ደርሶ መልክ ይሰጠዋል፣ በር ላይ የቆመ ጥላ፣ የእግር ኮቴ፣ የሚያፍን እጅ። እኛ ዱካክ ያልነውን ጃፓኖች ካናሺባሪ ይሉታል፣ አገሩና ስሙ ይለያይ እንጂ ሰው የሚያወራው ያው መጫንና መታፈን ነው።

አሁን ወደ ጫቱ ልምጣ፣ ያንተ ጉዳይ ዋናው እሱ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፣ እንቅልፍህን ያሳጥራል፣ ሬምንም ይጨቁናል። ሦስት ወር ስትቅም አንጎልህ ሬም እየተበደረ ከረመ በለው፣ አሁን ጫቱ ሲቆም ዕዳውን በአንዴ ሊያስመልስ ይሮጣል። ሬም ቶሎ ይመጣል፣ ይረዝማል፣ ህልሙ ይበዛል፣ አንዳንዴ ገና አይንህን ስትከድን ይገባና አእምሮህ ሳይተኛ ሰውነትህ ቀድሞ ይታሰራል። ጓደኞችህ ቃም ይለቅሃል ሲሉ ልክ ናቸው፣ ስትቅም ይለቅሃል፣ ምክንያቱም ሬሙን መልሰህ ስለምትጨቁነው ነው፣ ዕዳው ግን ይጨምርና በሚቀጥለው ስታቆም እዛው ይጠብቅሃል። ሐራራውን ችሎ በዱካኩ ምክንያት ወደ በርጫ የሚመለስ ሰው አለ፣ ይሄ በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ናቸው ከባዶቹ፣ አብዛኛው ሰው ላይ በቀናት ወይ በጥቂት ሳምንት ውስጥ እየሳሳ ይሄዳል። አንተ እኮ ስድስቱን ቀን አልፈሃል።

ምን ታደርጋለህ ላልከው፣ ከሁሉ በፊት የምትነሳበትን ሰዓት ቁረጠው፣ ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድም ጭምር፣ ማታ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ባለው ግባ። ጫት ያቆመ ሰው ከሰዓት በኋላ ድብርት ድብርት ይለዋል፣ እና 8 ሰዓት ላይ ጋደም ብሎ 11 ሰዓት ይነሳል፣ ያ እንቅልፍ የማታውን ይሰርቅብሃል፣ ዱካክም ይጋብዛል፣ ካልቻልክ 20 ደቂቃ አላርም ሞልተህ ተነስ። በጎንህ ተኛ፣ ጋቢ ጠቅልለህ ከጀርባህ ብታደርገው ስትገላበጥ ይመልስሃል። ቡናውን ከምሳ በፊት ጨርሰው፣ የማታ በረካ ይቅርብህ። ጨብሲም አይሞከርም፣ አልኮል የሌሊቱን መጀመሪያ ሬም ጨቁኖ ወደ ንጋት አካባቢ አብዝቶ ነው የሚመልሰው። ዲያዜፓም የሚባለውን የሚያረጋጋና የሚያስተኛ ኪኒን ከፋርማሲ ገዝተህ አትዋጥ፣ ከአንዱ ሱስ ወደ ሌላው እንዳትሻገር።

ሲይዝህ ደሞ ለመነሳት አትታገል፣ ትግሉ ፍርሃቱን ነው የሚጨምረው። አይንህን ግራና ቀኝ አንቀሳቅስ፣ ከዛ ምላስህን ወይ የእግርህን አውራ ጣት ብቻ ሞክር። በረጅሙ ልተንፍስ አትበል፣ ትንሿ ትንፋሽ ትበቃሃለች። አብሮህ የሚያድር ሰው ካለ ስታቃስት ከሰማ ትከሻህን ነክቶ በስምህ እንዲጠራህ ንገረው፣ ብዙ ጊዜ መነካቱ ብቻ ያስለቅቃል። ሲለቅህ ወዲያው ተመልሰህ አትተኛ፣ ተነስተህ ፊትህን ታጠብና ትንሽ ተቀመጥ፣ ያኔ ተመልሶ የመያዝ ዕድሉ ይቀንሳል።

የእናትህን ጸበል የሚከለክልህ ሐኪም የለም፣ ከጎንህ መሆናቸው ራሱ ፍርሃቱን ያቀልልሃል። ብቻ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነስታችሁ የምትሄዱ ከሆነ ማታ 2 ሰዓት ላይ ተኛ፣ እንቅልፍ ማጣት ራሱ ዱካክ ስለሚያመጣ።

ሐኪም ጋ ሳትውል ሳታድር የምትሄደው ቀን ላይ ነቅተህ ድምፅ የምትሰማ ወይ ሰው ይከታተለኛል የምትል ከሆነ፣ ወይ ድብርቱ ከብዶ ራስህን ስለመጉዳት ካሰብክ ነው። ምላስህን ነክሰህ ወይ ሽንት አምልጦህ ከነቃህ የሚጥል በሽታ እንዳይሆን መታየት አለበት። ስትስቅ ጉልበትህ የሚከዳህና ቀን ላይ እንቅልፍ የሚያሸንፍህ ከሆነ ናርኮሌፕሲ፣ በጣም እያንኮራፋህ ትንፋሽህ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ደግሞ የእንቅልፍ አፕኒያ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ አንዱም ባይኖርህ፣ ወር አልፎት በየሳምንቱ ከያዘህ ና። እስከዛ ስልክህ ላይ የያዘህን ሰዓት፣ በጀርባ ይሁን በጎን መተኛትህን፣ ቀድሞ የነበረው ሌሊት ስንት ሰዓት እንደተኛህ ጻፍ፣ ስንገናኝ መጀመሪያ የምጠይቅህ እሱን ነው።