የኢሜይሉ ማሰሪያ አንቀጽ የት ነው?

ጥያቄ፦ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ከአንዲት ረዳቴ ጋር የወረቀት ከረጢት እሠራለሁ። ቡና ቆልተው ለሚሸጡ ድርጅቶች አብረን እንድንሠራ በኢሜይል ብጽፍም የሚመልስልኝ አላገኘሁም። አጀማመሬ ይህ ነው፦ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን፣ እንደሚታወቀው ማሸጊያ ለአንድ ምርት ተወዳዳሪነት ወሳኝ በመሆኑና ድርጅታችንም በ2012 ዓ.ም. ተቋቁሞ ጥራታቸውን የጠበቁ የወረቀት ከረጢቶችን እያመረተ የሚገኝ ሲሆን፣ ከታዋቂው ድርጅትዎ ጋር በአጋርነት ለመሥራት ከፍተኛ ፍላጎት ያለን መሆኑን እየገለጽን፣ ለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን።» አማርኛው ምን ጎደለው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂዬ፣ የፊደልም ሆነ የሰዋስው ስሕተት አላገኘሁበትም። ቢሆንም እርሳስ ይያዙና የዓረፍተ ነገሩን ማሰሪያ አንቀጽ ይፈልጉ። «እያቀረብን» ማሰሪያ አይደለም፤ «በመሆኑ»፣ «ተቋቁሞ»፣ «የሚገኝ ሲሆን»፣ «እየገለጽን» የሚሉትም ሁሉ ሌላ ግስ እስኪመጣ የሚጠብቁ ጥገኞች ናቸው። ዓረፍተ ነገሩን የሚያስረው ግስ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም «እናመሰግናለን» የሚለው ነው። እንግዲህ ኢሜይሉ በሰዋስው ሲመዘን የሚናገረው ምስጋና ብቻ ነው ማለት ነው። ፍላጎትዎ «መሆኑን እየገለጽን» ከሚለው ጥገኛ ሐረግ ውስጥ ተቀብሯል፤ «የሚደረግልን ትብብር» ደግሞ አድራጊው ማን እንደሆነ አይናገርም፣ ምን እንደሚደረግም አይናገርም። ምስጋና የደረሰው ሰው አንብቦ ያልፋል እንጂ ምን ብሎ ይመልሳል?

ይህ አጻጻፍ የመጣው ከመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው፤ እዚያም ቦታው ነው። የክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ለሌላ ጽሕፈት ቤት ሲጽፍ ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ገብቶ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ለሚመለከተው ክፍል ተመርቶ የግድ እስከ መጨረሻው ይነበባል። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩ ቢረዝምና ጉዳዩ መጨረሻ ላይ ቢመጣ የሚጎዳው ነገር የለም። እርስዎ የጻፉለት ነጋዴ ግን የማንበብ ግዴታ የለበትም፤ ስምዎንም አያውቅም፤ ኢሜይልዎን ከፍቶ ለማንበብ የሚወስነው ገና ሳይከፍተው ነው።

ይህን በዓይኔ ለማየት እዚሁ አቃቂ ቃሊቲ ቡና ቆልቶ ለሱቆች የሚያከፋፍል ጎረቤቴን ስልኩን እንዲያሳየኝ ለምኜው ነበር። የኢሜይል ሳጥኑ ሲከፈት ከእያንዳንዱ መልእክት የሚታየው የላኪው ስም፣ ጉዳዩና ከመልእክቱ መጀመሪያ የተቆረጠች አንዲት አጭር መስመር ብቻ ናት። ከማያውቃቸው ሰዎች የመጡትን ተራ በተራ ስናይ፣ በዚያች መስመር ላይ «በቅድሚያ የከበረ ሰላምታችንን እያቀረብን» የሚል ወይም ከዚያ ብዙም የማይለይ ቃል ደጋግሞ መጣ፤ የሚቀጥለው ተቆርጧል። ላኪዎቹ የተለያዩ ሰዎች ቢሆኑም ለእርሱ አንድ ሰው ደጋግሞ የጻፈለት ያህል ሆነውበታል። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ስለሆነ ይህ ጉዳት ለእኛ ይከፋል፤ ዓረፍተ ነገሩ በረዘመ ቁጥር ዋናው ቃል ከምትታየው መስመር ይርቃል። መድኃኒቱም ከዚሁ ከቋንቋው ጠባይ ይገኛል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን፤ ከግሱ በፊት የሚመጣውም ስም የአንባቢው የራሱ ነገር ይሁን።

የአንባቢው የራሱ ነገር ስል ውዳሴ ማለቴ አይደለም። «ታዋቂው ድርጅትዎ» የሚለውን ለጫማ ሠሪም ለማር ነጋዴም ቢልኩት እኩል ይስማማል፤ ለሁሉም የሚስማማ ቃል ደግሞ አንባቢውን በተለይ አላነጋገረውም። «እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምረውም እንዲሁ ነው፤ የሚታወቅ ከሆነ መንገሩ ለምን አስፈለገ? እኔ የምጠቀምበት መመዘኛ ቀላል ነው። የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር የተቀባዩን ስም ብቻ ቀይሬ ለሌላ ሰው እንደተጻፈ አድርጌ አነበዋለሁ። ያለ ምንም እክል ከሄደ ይሰረዛል።

እንግዲህ ምን ይጻፍ? የሚጽፉለትን ድርጅት ቡና አንድ ከረጢት ገዝተው ጠረጴዛዎ ላይ ያስቀምጡትና በባለሙያ ዓይን ይመልከቱት። ከጎረቤቴ ዘንድ ያየሁትን ምሳሌ ላድርገው። ቡናው የተቆላበት ቀን በሚያብለጨልጭ ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ፣ የወሩ ስም በጣት ተጠርጎ፣ ቁጥሩ ብቻ ቀርቶ ነበር። ይህ ለእርስዎ ሙያ በቂ መነሻ ነው፤ ቀለም የሚይዝ ያልለሰለሰ ወረቀት እርስዎ ዘንድ አለና። ኢሜይሉም እንዲህ ሊጀምር ይችላል፦

«ጤና ይስጥልኝ አቶ እገሌ፤ በቡናዎ ከረጢት ላይ የተቆላበት ቀን ተፍቆ አገኘሁት። ቅዳሜ ዕለት ሳሪስ ካለ ሱቅ የገዛሁት ባለ 250 ግራሙ ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ውስጥ የወረቀት ከረጢት የምሠራ ስሆን፣ ቀኑ የሚጻፍበት ቦታ ቀለም እንዲይዝ አድርጌ በዚያው መጠን አምስት ከረጢት ሠርቻለሁ። ጽፈው እንዲሞክሯቸው ማክሰኞ ላምጣልዎ ወይስ ሐሙስ?»

በስልኩ ላይ የምትታየው መስመር አሁን «በቡናዎ ከረጢት ላይ የተቆላበት ቀን» የሚለውን ይዛለች፤ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው ይህን አይቶ ሳይከፍተው ማለፍ ይከብደዋል።

«ተፍቆ አገኘሁት» በሚለው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ሳይተዋወቁ የሰውን ጉድለት መናገር በእኛ ዘንድ በቀላሉ ድፍረት ይሆናል። «ቀኑን በደንብ አልጻፉትም» ቢሉት ባለቤቱን ከሰሱት፤ መልስ ቢጽፍም ራሱን ለመከላከል ነው። አማርኛ ግን «ተ» የምትባል ምዕላድ ሰጥቶናል። «ፋቀ» ሲል ፋቂ አለ፤ «ተፋቀ» ሲል አድራጊው ከዓረፍተ ነገሩ ይወጣና ነገሩ ብቻ ይቀራል። በላዩ «አገኘሁት» ሲጨመር ደግሞ ተናጋሪው ዳኛ መሆኑ ቀርቶ ምስክር ይሆናል። ያዩትን ተናገሩ እንጂ አልፈረዱም። በዚህ መልክ የተነገረ ጉድለት አንባቢውን ሳያስቀይም «እውነት እንዲህ ሆኗል?» ብሎ የራሱን ከረጢት እንዲያነሣ ያደርገዋል። ነገር ግን ያላዩትን አይጻፉ። ከረጢቱን ሳይገዙ የጻፉ እንደሆነ ሰውዬው በአንድ ጥያቄ ይደርስብዎታል። እንከን ካላገኙበትም አይፈልጉለት፤ «ከረጢትዎ ላይ ቡናው የበቀለበት ወረዳ ተጽፎ አየሁ» ብለው ቢጀምሩ፣ ቀጥሎም ስለ አታተሙ ቢጠይቁት፣ ያው አስተዋይነትዎ ይታያል።

ሰላምታውን ግን ጨርሰው እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ። «ጤና ይስጥልኝ» ሁለት ቃል ስለሆነ ቦታ አይሻማም፤ ያለ እርሱ መጀመር ደግሞ በራችንን ሳያንኳኩ እንደመግባት ነው። ስሙን ሲጽፉ የሚጠራው የራሱ ስም ነው። አንዳንዶች የውጭውን ልማድ ተከትለው አቶ የሚለውን ከአባት ስም ጋር ያገናኙታል፤ በእኛ አጠራር ይህ አባትየውን መጥራት ነው። ደስታ እንደሚለው ያለ ወንድም ሴትም የሚጠራበት ስም ካጋጠመዎ ወደ ሱቁ ደውለው ይጠይቁ፤ ካልተቻለም አቶና ወይዘሮን ትተው ሙሉ ስሙን ይጻፉ። «እርስዎ» ጾታ ስለማይለይ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ችግር የለበትም።

«ድርጅታችን» የሚለውን «እኔ» ባልኩት ቀይሬዋለሁ። ከአንዲት ረዳት ጋር የሚሠራ ሰው «ድርጅታችን» ሲል ትሕትና ቢመስለውም፣ አንባቢው መልሱን ለማን እንደሚጽፍ አያውቅም። የተቋቋሙበትን ዓመት ከፈለጉ ከፊርማዎ ሥር ያኑሩት።

የመጨረሻው ነገር ጥያቄው ነው። በአጋርነት እንሥራ የሚል ጥያቄ ሳይተዋወቁ በተጻፈ የመጀመሪያ ኢሜይል ሊቀርብ አይገባም ብዬ አምናለሁ፤ ሽማግሌ ሳይላክ ሠርግ እንደመጥራት ነው። ሰውዬው «እሺ» ለማለት ከሒሳብ ሠራተኛው፣ ከሸሪኩ፣ ምናልባትም ከቤተሰቡ መማከር አለበት፤ ስለዚህ ዝም ይላል። «ማክሰኞ ላምጣልዎ ወይስ ሐሙስ?» ለሚለው ግን ብቻውን፣ በአንድ ቃል ሊመልስ ይችላል። ልብ ይበሉ፣ አሁን ማሰሪያ አንቀጹ «ላምጣልዎ» ነው፤ ሥራው የእርስዎ ሆኖ ፈቃዱ የእርሱ ነው። «እንዲተባበሩን እንጠይቃለን» በሚለው ግን ሥራው ሁሉ በእርሱ ላይ ይወድቃል። ማክሰኞና ሐሙስ መባሉም ግዴታ አይደለም፤ «ሐሙስ አልመችም፣ ዓርብ ይሁን» ለማለት ግን መነሻ ይሆነዋል። የጉዳዩም መስመር «የትብብር ጥያቄን ይመለከታል» ከሚል «ስለ 250 ግራም የቡና ከረጢትዎ» ቢል ይሻላል።

የሚመጣውን መልስም በቋንቋው ይመርምሩት። «እናመሰግናለን፣ እናሳውቅዎታለን» ከተባሉ ጥያቄዎ ግልጽ አልነበረም ማለት ነው፤ ምስጋና በምስጋና ተመልሶልዎታል። «ዋጋው ስንት ነው?» ብቻ ከተባሉ ኢሜይሉ ተነቧል፣ ነገር ግን እንደ ሻጭ ታይተዋል፤ ዋጋውን ይንገሩና ከረጢቶቹን ይዘው የመሄጃ ቀኑን እንደገና ይጠይቁ። ሰባት ቀን ዝም ከተባለ በዚያው ኢሜይል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፉ። «መልስ ስላላገኘሁ» ብለው አይጀምሩ፤ ወቀሳ ነው። «አምስቱ ከረጢቶች ዝግጁ ናቸው፤ የዚህ ሳምንት ሐሙስ ሱቅዎ ላስቀምጣቸው?» ይበቃል። እስከዚያው ከረጢቶቹን በእርግጥ ሠርተው ያስቀምጡ፤ «ሠርቻለሁ» ብለው ጽፈዋልና።