ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ኮርኒሱን ፈትሺው

«የሻወር ቤቴ ኮርኒስ እና የሴራሚኩ መጋጠሚያ በሻጋታ ጠቁሯል። በበረኪና ሳጸዳው ይጠፋና በወሩ ተመልሶ ይመጣል። ቀለም ልቀባው ነው፣ ምን ትላላችሁ?»

እህቴ፣ ቀለሙን ተይው። እኔ ሁለት ጊዜ ቀብቼ ሁለቴም ከስሬያለሁ።

1. መጀመሪያ እርጥበቱ ከየት እንደሚመጣ እወቂ። እኔ ይህን ሳላውቅ «ሻጋታ ይከላከላል» የሚል ቀለም ገዝቼ ኮርኒሱን በረዶ አስመሰልኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቀለሙ አብጦ እንደ ቅርፊት ተላጠ። ከሥሩ ጥቁሩ እንዳለ ነው! የህንፃው አስተዳደር ጋ ስሄድ ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል «መስኮት ክፈት» አለኝ። መስኮቱ ክረምት ከበጋ ክፍት ነው እኮ።

ከዚያ ይህን አደረግኩ። ኮርኒሱን በጨርቅ አደረቅኩና መዳፍ የሚያህል የአልሙኒየም ፎይል በአራቱም ጎን በፕላስተር አጥብቄ ለጠፍኩበት። ሻወር እንደወትሮው ወሰድን። ከፊት በኩል ብቻ ቢረጥብ ጥፋቱ የእንፋሎት ነበር። በሁለተኛው ቀን ስነቅለው ግን ጀርባው ላይ ውሃ ተንጠባጥቧል፤ ስለዚህ የሚመጣው ከላይ ነው። ፎቶ አንስቼ ያንኑ ሰውዬ አሳየሁት። ከላይ ያለው ቤት የፍሳሽ ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ያፈስ ነበር። ይቅርታ? የለም። ቧንቧ ሠራተኛው ግን «ጎበዝ ነህ» ብሎኛል።

2. ስታጸጂ በደረቁ እንዳትፈትጊ፣ ብናኙን ትተነፍሺዋለሽ። ማስክ፣ ጓንት እና መነጽር አድርጊ። ኮርኒሱን ፈሳሽ ሳሙና ባለው ውሃ አርጥበሽ ጥረጊ። ጂፕሰም ከሆነ የበረኪናው ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በረኪናው ራሱ ግን ላይ ላዩን ብቻ ያነጣል። ለዚህ ነው በወሩ የሚመለስብሽ። በጣትሽ ስትጫኚው የሚለሰልስ ከሆነ ተቆርጦ መቀየር አለበት።

በረኪና የሚሠራው ለሴራሚኩ ነው። አንድ ስኒ ለአሥር ስኒ ውሃ፣ አሥር ደቂቃ አቆይተሽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትገሽ በደንብ አጥቢው።

ደግሞ አደራ፣ ከአቼቶም ከሽንት ቤት አሲድም ጋር እንዳትቀላቅይው። እኔ «ይበረታል» ብዬ አቼቶ ጨመርኩበት። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ እየሳልኩ ሮጬ ወጣሁ። የወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። በጠባብ ሻወር ቤት ውስጥ ቀልድ አይደለም። ማታውን በሙሉ ደረቴ ሲያፏጭ አደረ።

3. የገንዳው ጠርዝ ላይ ያለው ሲሊኮን ውስጡ ከጠቆረ አትልፊ፣ አይለቅም። በምላጭ አውጥተሽ፣ አንድ ቀን አድርቀሽ፣ በአዲስ ሙይው።

አሁን ከሻወር በኋላ ግድግዳውን በጎማ መጥረጊያ ወደ ታች እስባለሁ፣ የአየር ማስወጫውንም ለግማሽ ሰዓት አላጠፋውም። ልጆቼ ይስቁብኛል። ኮርኒሱን የቀባሁት ቱቦው ተጠግኖ ፎይሉ ከፊትም ከኋላም ደረቅ ሆኖ ሲወጣ ነው።