ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የካንሰር ክኒኑ ለምን በትንሹ ይጀመራል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ አባቴ ሲኤልኤል የሚባል የደም ካንሰር አለባቸው። ሐኪማቸው ቬኔቶክላክስ አዘዙላቸው። ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል አሉን። ታዲያ ለምን በ20 ሚሊግራም ብቻ ይጀምራሉ? ካንሰሩ ጊዜ እንዳያገኝ ፈራሁ። (ከሜሪላንድ)

መልስ፦ በትንሹ የሚጀመረው መድኃኒቱ በጣም ፈጣን ስለሆነ ነው።

ሴሎቻችን መሞቻቸውን በውስጣቸው ይዘው ይኖራሉ። ይህን ሞት አፖፕቶሲስ እንለዋለን። የሴሉ ኃይል ማመንጫ በሆነው ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ትንሽ ፕሮቲን አለ። በደህና ጊዜ ኤሌክትሮን እያቀበለ ሴሉ ኃይል እንዲያገኝ ያግዛል። ከማይቶኮንድሪያ ሲወጣ ግን ሥራው ይገለበጣል። አፓፍ-1 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ይያያዝና ሰባቱ አፓፎች ተገጣጥመው እንደ ጎማ ክብ ይሠራሉ። ክቡ ካስፔዝ-9 የሚባለውን ቆራጭ ፕሮቲን ያነቃል። እሱ ካስፔዝ-3ን ያነቃል፣ ካስፔዝ-3 ደግሞ የሴሉን ፕሮቲኖች መቆራረጥ ይጀምራል። አንዱ ብዙዎችን ስለሚያነቃ ከዚህ በኋላ ሴሉ የሚተርፈው ከስንት አንዴ ነው።

የአባትዎ የካንሰር ሴሎች እዚህ እንዳይደርሱ የሚከላከላቸው ቢሲኤል-2 የሚባል ፕሮቲን ነው። ባክስና ባክ የተባሉት ፕሮቲኖች የማይቶኮንድሪያን የውጭ ሽፋን እንዳይበሱ አፍኖ ይይዛል። ቬኔቶክላክስ ቢሲኤል-2 ላይ ሲቀመጥ ያፈነው ይለቀቃል፣ ሽፋኑ ይበሳል፣ ሳይቶክሮም ሲ ይወጣል። ሲኤልኤል በቢሲኤል-2 ላይ በጣም ስለሚደገፍ ሴሎቹ በሰዓታት ውስጥ መርገፍ ይጀምራሉ።

ጥቂት ሴል ሲሞት ሰውነት በጸጥታ ይለቅመዋል። ብዙ ሴል ባንዴ ሲሞት ግን በውስጡ የነበረው ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ወደ ዩሪክ አሲድ የሚለወጠው ነገር ደም ውስጥ ይፈስሳል። ኩላሊት አይችለውም። ፖታሲየሙ ልብን ሊያቆም ይችላል። መድኃኒቱ ገና በጥናት ላይ ሳለ በዚህ ምክንያት ሕይወታቸው ያለፈ ሕመምተኞች ነበሩ። በየሳምንቱ 20፣ 50፣ 100፣ 200፣ ከዚያ 400 ሚሊግራም መውሰድ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ሳምንትም ካንሰሩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ መሞት ይጀምራል።

ስለዚህ ክኒኑ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ጀምሮ በቀን ከ1.5 እስከ 2 ሊትር ውኃ ይጠጡ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ካለባቸው መጠኑን ሐኪማቸው ይወስናል። ዩሪክ አሲድ የሚቀንሰውን ክኒንም አይዝለሉ። መጠኑ በጨመረ ቁጥር የሚታዘዘው የደም ምርመራ እንዳያመልጣቸው። ቬኔቶክላክስ ከምግብ ጋር ነው የሚወሰደው። አባትዎ ጾመኛ ከሆኑ በእነዚህ አምስት ሳምንታት ያለ ውኃ መዋል አደገኛ ነው፤ ከንስሐ አባታቸው ጋር ቀድመው ይነጋገሩ። ግሬፕፍሩት የመድኃኒቱን መጠን በደም ውስጥ ያንረዋል፣ አይብሉት። እንደ ክላሪትሮማይሲን ያሉ መድኃኒቶችም እንዲሁ ናቸው፤ ሌላ ሐኪም ማንኛውንም መድኃኒት ቢያዝ ቬኔቶክላክስ እንደሚወስዱ ይንገሩት።

ልባቸው ያለ ወትሮው ከመታ፣ ሽንታቸው ካነሰ፣ ጡንቻቸው ከተኮማተረ ወይም ግራ ከተጋቡ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አይጠብቁ። በዚያው ሰዓት ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።