ከጥቁር ቀለም ወደ ብሎንድ፦ ስንት ዙር? በስንት ሳምንት ልዩነት? (ጥያቄና መልስ)

የፀጉር ቀለም ሥራዬ ነው። ሰሞኑን ስለ ብሎንድ የሚጠይቀኝ ሰው በዝቷልና እዚሁ ጠይቁኝ። ስትጠይቁ ግን ፀጉራችሁ ላይ ያለው ቀለም ምን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደተደራረበ፣ ሪላክሰር ወይም ሂና ነክቶት እንደሆነ አብራችሁ ንገሩኝ። መልሱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ከሐዋሳ፦ ለዓመታት ጥቁር ነው የምቀባው። ባለፈው ብሎንድ ቀለም ገዝቼ ደረብኩበት። ሥሩ ብርቱካናማ ሆነ፣ ሌላው ጥቁር እንደሆነ ቀረ። ቀለሙ ፎርጅድ ይሆን?

መልስ፦ ቀለሙ ደህና ነው። በካርቶን የሚሸጥ ብሎንድ ቀለም የተፈጥሮ ፀጉርን ትንሽ ያነጣል እንጂ ቀድሞ የተቀባ ቀለምን አያነሳም። ሥርሽ ላይ አዲስ የበቀለ፣ ቀለም ያልነካው ፀጉር ስለነበር እሱ ብቻ ነጣ። የራስ ቅል ሙቀትም አገዘው። ጥቁር ፀጉር ሲነጣ መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ብርቱካናማ፣ ከዚያ ቢጫ ነው የሚሆነው። ያንቺ መንገድ ላይ ቆመ ማለት ነው።

የተቀባውን ጥቁር የሚያነሳው ብሊች ወይም ቀለም ማውጫ ነው። ለዓመታት የተደራረበ ጥቁር ካለሽ ከሦስት እስከ አምስት ዙር አስቢ። በመሃሉ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይኑር። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ቡናማ የተቀባች ሴት ግን በሁለት ዙር፣ ቢበዛ በሦስት ትጨርሳለች። አሁን ብርቱካናማው ላይ ሌላ ብሎንድ ቀለም አትድገሚበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ስድስት ሳምንት የሚጠበቀው ፀጉሩ አርፎ እንዲያገግም ነው አይደል? እኔ በየሳምንቱ ማስክ ስለምጠቀም በሁለት ሳምንት ብደግመውስ?

መልስ፦ መጠበቁ ላይ ልክ ነሽ፣ ምክንያቱ ላይ ግን አይደለሽም። ከቆዳ የወጣ ፀጉር ሕይወት የለውም። ስለዚህ አርፎ የሚድን ነገር የለም። ማስክ ያለሰልሰዋል፣ ሲበጠር እንዳይሰበር ያግዘዋል፣ የተጎዳውን ግን ወደነበረበት አይመልሰውም።

የምንጠብቀው ለሌላ ነገር ነው። አንደኛ፣ ብሊች ያደረሰው ጉዳት በዕለቱ አይታይም። ሳሎን ውስጥ ኮንዲሽነር ተቀብቶ፣ በፎን ደርቆ ሲያምር ነው የምታዪው። መሰበሩ የሚለየው ቤትሽ ደጋግመሽ ስታጥቢውና ስታበጥሪው ነው። ማበጠሪያው ላይ ሥር የሌለው ቁርጥራጭ ፀጉር ከበዛ የሚቀጥለው ዙር ይዘገያል። ሁለተኛ፣ የራስ ቆዳ ሕይወት አለው። ብሊች ነክቶት ከነበረ መቅላቱና ማሳከኩ ጨርሶ መጥፋት አለበት። በሁለት ሳምንት የሚደግሙ ባለሙያዎች አሉ፤ በጠንካራና ወፍራም ፀጉር ላይ ሲሳካላቸውም አይቻለሁ። ለእኛ ዓይነት ጥቅልል ፀጉር ግን አልመክረውም። ጥቅልል ፀጉር በተጠማዘዘበት ቦታ ላይ ስስ ነው፣ መሰበር የሚጀምረውም ከዚያው ነው።

የሳሎን ባለሙያ፦ እኔም ሳሎን ነው የምሠራው። 40 ቮልዩም ከተጠቀምሽ አምስት ዙር ምን ያደርጋል? በአንድ ቀን ይወጣል።

መልስ፦ ቀለም ነክቶት የማያውቅ ወፍራም ፀጉር ላይ ከሆነ፣ ያውም ቆዳ ሳይነካ፣ ከብሊች ጋር የሚቀላቀለው ዴቨሎፐር ቮልዩሙ ከፍ ሲል የበለጠ ያነጣል። እዚያ ላይ እውነትህን ነው። የተደራረበ ጥቁር ላይ ግን 40፣ ማለትም 12 በመቶ ፐርኦክሳይድ፣ ቀለሙ ሳይወጣ ፀጉሩን ይጨርሰዋል። እኔ በ20 ቮልዩም፣ በ6 በመቶው፣ በዝግታ ነው የምሄደው። ቶሎ ቶሎ ፎይሉን ከፍቼ አያለሁ። ብሊቹ የደረቀበት ቦታ መሥራት ያቆማል፤ አምራቹ ከጻፈው ደቂቃ ማሳለፍም ትርፉ ጉዳት ነው። የተቀባ ፀጉር ላይ ብሊች አድርጎ ካስክ ውስጥ ማስገባት ደግሞ ጨርሶ አይሆንም።

ከአዲስ አበባ፦ አምስት ዙር ሲባል በተግባር ምን ይመስላል? በየዙሩ መሃል ምን ዓይነት ፀጉር ይዤ ነው ሥራ የምገባው?

መልስ፦ የአንዲት ደንበኛዬን ልንገርሽ። ፀጉሯ ትከሻዋን ያልፋል። ለአራት ዓመት ያህል በየወሩ ጥቁር ቀለም ከሥር እስከ ጫፍ ስትቀባ ኖራለች። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ከምናምን ስለሚያድግ ጫፉ ላይ በአርባ የሚቆጠር ቀለም ተደራርቧል፣ ሥሯ አካባቢ ደግሞ ሁለትና ሦስት ብቻ። ፀጉሩ አንድ ሰው ላይ ቢሆንም የምሠራው እንደ ሦስት ፀጉር ነው።

በመጀመሪያው ቀን ብሊች አልነካንም። ጫፉን አምስት ሴንቲ ሜትር ቆረጥንና ቀለም ማውጫ ተጠቀምን። መሃሉ ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ ሆነ፣ ጫፉ ብዙም አልተነቃነቀም። ቀለም ማውጫ ብሊች ስላልሆነ አራት ሳምንት ብቻ ጠበቅን። ሁለተኛው ዙር በፎይል፣ በ20 ቮልዩም ነበር። ጫፉ እልኸኛ ስለሆነ ከእሱ ጀመርኩ፣ መሃሉን አስከተልኩ፣ ሥሯን አልነካሁም። መሃሉ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ቀይ ወጣ። በዚያ መልክ ሥራ አትገባም፤ ስለዚህ በቶነር ወደ ሞቅ ያለ ቡናማ መለስኩት። ቶነር የሚቆየው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው፣ ሲለቅ ብርቱካናማው ብቅ ይላል። ይህን አስቀድሜ ነግሬያት ነበር።

ከሰባት ሳምንት በኋላ ሦስተኛው ዙር መሃሉን ወደ ቢጫ ብርቱካናማ አደረሰው፣ ካራሜል አድርገን ሸኘናት። ከዚያ ስምንት ሳምንት ቆየንና አራተኛውን ሠራን። ሥሯን የነካነው ያን ቀን ነው። ቀለም የሌለበት ሥር ፈጥኖ ስለሚነጣ ቀድሞ ከተነካ ከሌላው ይለያል። ያኔ ሥሯ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ደርሶ ስለነበር መጀመሪያ ከቆዳ የራቀውን ክፍል ቀባሁ፣ ለቆዳ የቀረበውን አንድ ሴንቲ ሜትር መጨረሻ ላይ። ሙቀት ያለው እዚያ ነው።

ጠቅላላ ጊዜው ወደ አራት ወር ተኩል ነው። የምትፈልገው ነጭ ብሎንድ ነበር፣ የቆምነው ማር ብሎንድ ላይ። ጫፉን በመጨረሻው ቀን ስፈትሽ ሌላ ዙር እንደማይችል አየሁ።

ከአዲስ አበባ (ያችው ጠያቂ)፦ እንዴት ነው የምትፈትሺው?

መልስ፦ ከእርጥብ ፀጉር ላይ አንድ ዘለላ ይዘሽ ቀስ አድርገሽ ሳቢው። ደህና ፀጉር ትንሽ ተለጥጦ ይመለሳል። ተለጥጦ እንደ ማስቲካ ከቀረ፣ ወይም ገና ሲነካ ከተበጠሰ፣ ለዚያ ክፍል ብሊች አብቅቷል። ማስክም ሆነ ፕሌክስ የሚባለው መጠገኛ አይመልሰውም። ፕሌክስ ብሊቹ ውስጥ ሲገባ መሰበርን ይቀንሳል፣ ጥቅሙ እሱ ነው።

ከዱባይ፦ እኔ ሪላክሰር ተቀባሁ፣ ሦስት ሳምንቴ ነው። ስንት ሳምንት ልጠብቅና ብሎንድ ልሁን?

መልስ፦ እህቴ፣ ያንቺ ጉዳይ በሳምንት አይቆጠርም። ሪላክሰር የነካው ፀጉር ስድስት ወርም ቢቆይ ሪላክሰር የነካው ነው። ሪላክሰር ፀጉሩን የሚያስተሳስረውን አፍርሷል፣ ብሊች ደግሞ የተረፈውን ያፈርሳል። ሁለቱን የተሸከመ ፀጉር ከመሃሉ እየተቆረጠ ሲወድቅ አይቻለሁ። እኔ አልሠራውም። የተፈጥሮ ሥርሽን አሳድጊ፣ ሪላክሰር ያለበትን ቀስ በቀስ ቁረጪ። እስከዚያው ብሎንድ ሂውማን ሄር ወይም ዊግ አድርጊ፣ ያምርብሻል።

ከድሬዳዋ፦ ጥቁር ሂና ነው የምጠቀመው፣ ቀለም አይደለም። ተፈጥሯዊ ስለሆነ ቀላል ይሆናል ብዬ ነው።

መልስ፦ ይልቅ እሱ ያስፈራኛል። ንጹሕ ሂና ቀይ ነው የሚያወጣው። ጥቁር ካደረገሽ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል። ብዙ ጊዜ የፀጉር ቀለም ኬሚካል ነው፣ አንዳንዱ ግን ብረት ነክ ጨው አለበት። ያ ከፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ፀጉሩ ላይ ይግላል፣ ሊጨስም ይችላል።

ከሥር በኩል የማይታይ ጥቂት ፀጉር ቁረጪና በፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ብሊችና 20 ቮልዩም ቀላቅለሽ ንከሪው። የብረት ሳህን አትጠቀሚ። እየተከታተልሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ተዪው። ከጋለ፣ ከጨሰ ወይም በአንዴ እንግዳ ቀለም ካመጣ ራስሽ ላይ ብሊች አይነካሽም፣ ሂናው አድጎ እስኪቆረጥ መጠበቅ ነው። ምንም ካልሆነም ዙሩ ከተለመደው ቀለም ይበዛል፤ ሂና ብርቱካናማ ላይ ሲደርስ ችክ ይላል።

ከአትላንታ፦ ልጄ፣ እኔ እንኳን ጥቁር የምቀባው ሽበቴን ለመሸፈን ነው። በየሦስት ሳምንቱ መቀባት ሰለቸኝ። ብሎንድ ለእኔ ዕድሜ ይሆናል?

መልስ፦ እማማ፣ ለእርስዎ እንዲያውም ከሌላው ይቀላል። ሽበት የሚነጣ ነገር የለውም፣ ሥርዎ ራሱ ብሎንድ ሊሆን ደርሷል። ጥቁሩን በሙሉ ማውጣት አያስፈልግም። በቀጫጭን ፎይል ሃይላይት ከሁለት እስከ ሦስት ዙር፣ በየስምንት ወይም በየአሥር ሳምንቱ ቢሠሩ ሽበቱና ሃይላይቱ ይቀላቀላሉ። ሲያድግም ከጥቁሩ ጋር የነበረው መስመር አይታይም። በመሃሉ ግን ጥቁሩን ሥር ላይ አይድገሙት።

ወንድ ነኝ፦ ፀጉሬ ሦስት ሴንቲ ሜትር ነው፣ ጥቁር ተቀብቷል።

መልስ፦ ሦስት ወር አሳድግና የተቀባውን ቁረጠው። ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ዙር ይበቃሃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቀለም ማውጫ መጀመሪያ ይሻላል ወይስ በቀጥታ ብሊች? የእኔዋ ባለሙያ ቀለም ማውጫ ጊዜ ማባከን ነው ትላለች።

መልስ፦ ባለሙያዎች እዚህ ላይ አንስማማም። ቀለም ማውጫ የተፈጥሮ ፀጉርን ስለማያነጣ ጉዳቱ ያንሳል፣ አንድ ዙር ብሊች ሊያተርፍም ይችላል። በደንብ ለረጅም ጊዜ ካልታጠበ ግን ጥቁሩ በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይመጣል፣ አንዳንዱ ቀለም ላይ ደግሞ ምንም አይሠራም። እኔ የተደራረበ ጥቁር ላይ በእሱ እጀምራለሁ። ባለሙያሽ ካልፈለገች አትጨቃጨቂያት፤ ከኋላ አንድ ዘለላ ላይ ሁለቱንም ሞክሪልኝ በያት። በአንድ ሰዓት ውስጥ የትኛው ላንቺ ፀጉር እንደሚሠራ ታያላችሁ።