መቶኛውን ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የላቦራቶሪ ባለሙያ «ከነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ሊምፎሳይት 80 በመቶ ከሆነ በሽታው ቫይረስ ነው ማለት ይቻላል?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ቀሰቀሰብኝ።

ታካሚዋ የታይሮይድ ዕጢዋ ከመጠን በላይ ስለሚሠራ ካርቢማዞል ከጀመረች ጥቂት ሳምንታት የሆናት ወጣት ነበረች። ኃይለኛ ትኩሳት ነበራት፤ ጉሮሮዋ ምራቅ እንኳ አላስውጥ ብሏታል። በውጤቱ ወረቀት ላይ ሊምፎሳይት 80 በመቶ፣ ባክቴሪያን የሚዋጋው ነጭ ሕዋስ ኒውትሮፊል ደግሞ 10 በመቶ ይላል። ያያት ሐኪም ሊምፎሳይቱ ከፍ ማለቱን አይቶ «ቫይረስ ነው» አለና ማስታገሻ ሰጥቶ አሰናበታት። ካርቢማዞሉን መውሰዷን ቀጠለች። ከሁለት ቀን በኋላ በሰው ተደግፋ፣ የደም ግፊቷ ወርዶ ተመለሰች።

ጠቅላላው የነጭ ሕዋስ ቁጥር እዚያው ወረቀት ላይ ተጽፎ ነበር፤ በአንድ ማይክሮ ሊትር 1,800። የ1,800 ሰማንያ በመቶ 1,440 ነው። የአዋቂ ሰው ሊምፎሳይት በአብዛኛው ከ1,000 እስከ 4,000 ስለሚደርስ፣ የእሷ ጨርሶ አልጨመረም። የጠፋው ኒውትሮፊሉ ነው፤ 180 ብቻ ቀርቷል። ከ500 በታች ሲወርድ ሰውነት ባክቴሪያን መመከት ያቅተዋል። የደሟን ስላይድ በማይክሮስኮፕ ሳየው ከቦታ ቦታ ባንቀሳቅሰውም ኒውትሮፊል የማገኘው ከስንት አንዴ ነበር። ኒውትሮፊልን እንዲህ ሊያጠፋ የሚችለው ካርቢማዞል ወዲያው ቆመ፣ አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተሰጣት፣ ቀናት ቆይቶ ቁጥሩ ተመለሰ። ተርፋለች። እነዚያ ሁለት ቀናት ግን በከንቱ ያለፉ ነበሩ።

ስለዚህ ጠቅላላውን ቁጥር በመቶኛው አባዙ፤ ከዚያ በኋላ ተናገሩ። የዛሬ ወጣቶች ማሽኑ በቀይ ያመለከተውን ብቻ ማየት ታበዛላችሁ፤ ይህ አያስደስተኝም። እርግጥ እኛ በእጅ የምንቆጥረው 100 ሕዋስ ሲሆን ማሽኑ ሺዎችን ይቆጥራል፤ በቁጥር እሱ ይበልጠናል። ቢሆንም ያልበሰሉ ኒውትሮፊሎችንና በውስጣቸው የጠቆሩትን ቅንጣቶች ስላይድ ላይ ዓይናችሁ ቢያያቸው እመርጣለሁ። የኒውትሮፊል ብዛት እንደ ሳንባ ምች ያለ የባክቴሪያ በሽታን ሲያመለክት እነዚህ ምልክቶች ጥርጣሬውን ያጠናክሩታል።

ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ ሕዋስም የራሱ ወጥመድ አለው። ከ500 በላይ ሲሆን አለርጂን፣ አስምን፣ ወይም ወደ ሰውነት ሕብረ ሕዋስ ዘልቀው የሚገቡ ትሎችን ያስጠረጥራል። አሜባና ጃርዲያ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጨምሩትም፤ በኢዮሲኖፊል ብቻ «የሆድ ጥገኛ» ብላችሁ ሁሉንም አትጨፍልቁ።

ታካሚው የሚወስደውንም መድኃኒት ጠይቁ። ፕሬድኒሶሎን የሚወስድ ሰው ኒውትሮፊሉ ያለ ኢንፌክሽን ሊጨምር ይችላል፤ ኢዮሲኖፊሉ ደግሞ ትል እያለበት እንኳ ከደሙ ሊጠፋ ይችላል።