«አስተካከለ» ወይስ «አካካሰ»? የደም ጋዝ ውጤት በአማርኛ ሲነበብ

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነት እሠራለሁ፤ ተማሪዎችንም አሠለጥናለሁ። የደም ጋዝ ውጤት በአማርኛ ሳስረዳ «ሳንባው አሲዱን አስተካክሎታል» እላለሁ። አንድ ሐኪም ባልደረባዬ «አካክሶታል ነው የሚባለው» ብሎ አረመኝ። በእርግጥ ልዩነት አለው? «የሳንባ አሲዶሲስ» ማለትስ ይቻላል?

መልስ፦ ባልደረባዎ ልክ ናቸው። «አስተካከለ» ስንል ያዘነበለው ቀና፣ ጉድለቱም ጠፋ ማለታችን ነው። «አካካሰ» የሚመዘዘው ከካሳ ነው። የሰው በሬ የገደለ ካሳ ሲከፍል በሬው አይነሣም፤ ከሌላ ኪስ የወጣ ገንዘብ የጉዳቱን ክብደት ያቀልላል እንጂ። በደም ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ስለሆነ ግሡን በምሳሌ ብንፈትሸው ይሻላል።

የስኳር በሽታ ያለበት አንድ ወጣት ኢንሱሊኑን አቋርጦ እያስመለሰው፣ በጥልቀትና በፍጥነት እየተነፈሰ መጣ እንበል። ቤተሰቡ «አስም ተነሣበት» ይላል። ከደም ቅዳ ቧንቧው በተወሰደው ናሙና ፒኤች 7.24፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ 24 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ፣ ባይካርቦኔት 10 ሚሊሞል በሊትር ሆኖ ተገኘ። የተለመደው መጠን በየተራ ከ7.35 እስከ 7.45፣ ከ35 እስከ 45፣ ከ22 እስከ 26 ነው። ፒኤቹ ስለወረደ ደሙ ወደ አሲድ አዘንብሏል። ቀጥሎ የሚጠየቀው፣ ከሁለቱ ቁጥሮች ወደዚያ የጎተተው የትኛው ነው የሚለው ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀነስ ብቻውን ቢሆን ደሙን ወደ አልካሊ በወሰደው ነበር፤ የባይካርቦኔት መቀነስ ግን ወደ አሲድ ይወስዳል። ስለዚህ ጥፋተኛው ባይካርቦኔቱ ነው፤ ኢንሱሊን ሲጠፋ የተከማቹት ኬቶ አሲዶች በልተውታል። ይህ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ነው። አስም የመሰለው ትንፋሽ ሳንባው የሚከፍለው ካሳ ነው።

ፒኤች የሚወሰነው በባይካርቦኔትና በካርቦን ዳይኦክሳይድ መካከል ባለው ንጥጥር ነው። ባይካርቦኔቱ ሲወርድ ሳንባው ያንን መልሶ ሊያመጣው አይችልም፤ የሚችለው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን አስወጥቶ ንጥጥሩን ወደ ቀድሞው ማቅረብ ነው። ሁለተኛው ቁጥር ሆን ተብሎ ይበላሻል ማለት ይቻላል፤ የመጀመሪያው ግን እንደተበላሸ ነው። ኬቶ አሲዱን የሚያስቆመው ኢንሱሊንና ፈሳሽ ነው፤ «አስተካከለ» የሚለው ግሥ የሚገባውም ለሕክምናው ነው።

የካሳው ልክ ደግሞ ይሰላል፤ ግሡን ከማስዋብ አልፎ ለሕመምተኛው የሚጠቅመው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣውና የዊንተርስ ቀመር ተብሎ በሚታወቀው መሠረት ባይካርቦኔቱ በ1.5 ተባዝቶ 8 ይደመርበታል፤ ከውጤቱ በላይም በታችም የ2 ልዩነት ይፈቀዳል። በእኛ ምሳሌ 15 ሲደመር 8፣ 23 ይሆናል፤ የሚጠበቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ21 እስከ 25 ነው። የተገኘው 24 ነው። እንግዲህ «ሳንባው አካክሷል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ፒኤቹ ያም ሆኖ 7.24 ላይ እንደቀረ ልብ ይበሉ። «አስተካክሏል» ብለን ብንጽፍ ወረቀቱ ራሱ ይከራከረናል።

ከሰዓታት በኋላ ደሙ እንደገና ሲመረመር ባይካርቦኔቱ እዚያው 10፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 36፣ ፒኤቹ 7.07 ሆነ እንበል። 36 ከ35 በላይ ስለሆነ የላቦራቶሪው ወረቀት ምንም ምልክት አያደርግበትም። ተማሪውም «ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ተስተካከለ» ሊል ይችላል፤ ትንፋሹ ረገብ ማለቱን ሲያይማ ይባስ ደስ ይለዋል። እዚህ ላይ የቃሉ ስሕተት ሰው ይገድላል። የሚጠበቀው ከ25 የማይበልጥ ሆኖ ሳለ 36 መገኘቱ ሳንባው ካሳውን መክፈል እንዳቃተው ይናገራል፤ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ዝለው ወይም አእምሮው ደንዝዞ ሊሆን ይችላል። በሜታቦሊኩ ላይ የትንፋሽ አሲዶሲስ ተደርቧል። በአማርኛ «ማካካስ አቅቶታል» ይባል፤ አጭር ነው፣ የሚሰማውንም ሰው ያስነሣል።

ተቃራኒውም አለ። በዚያው ባይካርቦኔት ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 17 ቢሆን ፒኤቹ 7.39 ይሆናል፤ ላይ ላዩን ሲታይ ጤነኛ ነው። ነገር ግን 17 ከ21 በታች ነው፤ ካሳ ከዕዳው አይበልጥም። ትንፋሹን በራሱ የሚያጣድፍ ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ የአስፒሪን መመረዝ ወይም ወደ ደም የገባ ኢንፌክሽን፣ መፈለግ አለበት። አንዳንድ የነርሲንግ መጻሕፍት ፒኤቹ ከ7.35 በላይ ከገባ «ሙሉ ማካካሻ» እንዲባል ያስተምራሉ። እኔ አልወደውም። ባይካርቦኔቱ 10 የሆነ ሰው ፒኤቹ መደበኛ ሆኖ ሲገኝ የመጀመሪያው ስሜት ጥርጣሬ መሆን አለበት።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስመለስ፣ «የሳንባ አሲዶሲስ» አሲዱ ከሳንባ የመነጨ ወይም ሳንባው የታመመ ያስመስላል። በእንቅልፍ መድኃኒት ብዛት ወይም በጡንቻ መድከም ትንፋሹ ያነሰ ሰው፣ ሳንባው ጤነኛ ሆኖም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀምበታል። «ውሃ ወለድ በሽታ» እንደምንለው «ትንፋሽ ወለድ አሲዶሲስ» ብንል ይቀርባል፤ ካልተመቸዎት «ሬስፒራቶሪ» ብለው ይተዉት፤ ከሚያሳስት አማርኛ የተለመደ የውጭ ቃል ይሻላል።

በዚህኛው ዓይነት ከፋዩ ኩላሊት ነው፤ ኩላሊትም ቀርፋፋ ከፋይ ነው። ሳንባ በሰዓታት ውስጥ የሚያደርገውን ኩላሊት ባይካርቦኔት አጠራቅሞ ለመጨረስ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ድንገት ከ40 ወደ 60 የወጣበት ሰው ባይካርቦኔቱ 26 ገደማ፣ ፒኤቹ 7.26 ይሆናል። በቆየ የሳንባ ሕመም ለዓመታት 60 ላይ የኖረ ሰው ግን ባይካርቦኔቱ 32 ገደማ፣ ፒኤቹም 7.35 አካባቢ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ «ድንገተኛ» ወይም «የቆየ» የሚለው ቅጽል ከስሙ ጋር አብሮ ይጻፍ፤ ያለ እሱ ባይካርቦኔቱ ይነስ ይብዛ መፍረድ አይቻልም።

ለጎረቤት ሐረርም አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች የጤነኛ ነዋሪዋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በባሕር ዳርቻ ከተለካው ጥቂት ዝቅ ሊል ይችላል። በ1,200 ሜትር ገደማ ካለችው ድሬዳዋ ወደዚያ ለተላከ ሕመምተኛ 35ን ግንብ አድርገው አያስተምሩት።

ግሡ ማን፣ ምንን፣ በምን የሚሉትን ሦስቱንም ይፈልጋል። ብቻውን «ተካክሷል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ሦስቱንም ስላላወቀ ሊሆን ይችላል። ለመጀመሪያው ናሙና እንዲህ ያጽፏቸው፦ «ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፤ ሳንባው የባይካርቦኔቱን መጉደል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማስወጣት አካክሷል፤ የሚጠበቀው ከ21 እስከ 25፣ የተገኘው 24።» ለሁለተኛው ደግሞ፦ «ሜታቦሊክ አሲዶሲስ፤ ሳንባው ማካካስ አቅቶታል፤ የሚጠበቀው ከ21 እስከ 25፣ የተገኘው 36፤ ሐኪም አሁኑኑ ይጠራ።»